«ከፈለኝ እኮ!»

ሰላም፣ ሰላም። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ዶሮው ከጀርባ ከተሰማችሁ ይቅርታ። እሱን የሚያስቆመው ፋሲካ ብቻ ነው ብለን ተስማምተናል፣ አትጻፉልኝ።

የዛሬው ስለ እታለም ነው። አዎ፣ ያቺው አክስቴ እታለም። ብር አስገቡ፣ በየቀኑ ትርፍ ይገባላችኋል የሚል አፕ ውስጥ እንደገባች ከነገርኳችሁ ጀምሮ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «በሏት አይደል?» አልበሏትም። እሱ ነው እንግዲህ የከነከነኝ። እታለም አትርፋ ነው የወጣችው። ብትበላ ኖሮ፣ አላህም እግዚሃርም ይቅር ይበለኝና፣ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። አዝንላታለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ያልቃል። አሁን ግን ምን እንደምል ራሱ ግራ ገብቶኛል።

ቡና ላይ ነን። ሁለተኛው ተቀድቷል። «ና እስቲ አንተ አዋቂ፣ እዚች ጋ ቁጭ በል» አለችኝ። ስልኳን ዘረጋችልኝ። አፑ አረንጓዴ ነው፣ የሚያምር ነው፣ እውነቴን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ የሚያደርግ ማሽን ፎቶ አለበት። ማሽኑን እናንተ ትገዙታላችሁ፣ እነሱ ያከራዩላችኋል፣ የሚገዛውም ነገር «ሼር» ይባላል፣ በየቀኑ የሚገባላችሁም «ዲቪደንድ»። እሷ የገዛችው የ5,000 ብሩን ነው። በቀን 150 ብር፣ ለ60 ቀን። «ተመልከት» አለችና ወጪ ማድረጊያዋን ነካችው። 600 ብር። ቡናዋን ፉት አለች። ሁላችንም ስልኩን እያየን ነው። ትንሽ ቆይቶ ጢን አለ። የቴሌብር መልዕክት፣ 600 ብር ገብቷል።

«ከፈለኝ እኮ!» አለችኝ። በቃ። ክርክሩ አለቀ። ሦስት ሴቶች ቁጭ ብለው ነበር፣ ሦስቱም እኔን አዩኝ። መንግሥት፣ ሕግ፣ ምናምን እያልኩ ስለፈልፍ ነበር፣ ሰውዬው ግን ከፈለ። እናንተ ብትሆኑስ ማንን ታምናላችሁ? የሚያወራውን ነው የሚከፍለውን?

ያቺን ደቂቃ በጭንቅላቴ ደጋግሜ አያታለሁ። ቆይቶ የመጣልኝ ነገር ደግሞ እዚያው መልዕክቱ ላይ ተጽፎ የነበረው ነው። ላኪው ማነው? ድርጅት አይደለም። የሰው ስም ነው። አንድ ግለሰብ። ስልኩን ተቀብያት ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረግኩት፣ ያለፈው ክፍያ ከሌላ ሰው ነው የመጣው፣ ከዚያ በፊት ያለው ደግሞ ከሌላ። እሷ ብሩን ስታስገባም ወደ አንድ ግለሰብ ቁጥር ነው የላከችው፣ ቁጥሩም በየጊዜው ይቀየራል፣ ቴሌግራሙ ላይ «ዛሬ በዚህ ቁጥር ብቻ አስገቡ» ይላል። አስቡት፣ ማሽን አከራይቶ የሚያተርፍ ድርጅት ትርፉን በየቀኑ በተለያየ ሰው ስም የሚልከው ለምንድነው? ገንዘቡ ከማሽን ስላልመጣ ነዋ። ከገቢው ወደ ወጪው ነው የሚገለበጠው፣ መሀል ላይ ምንም ማሽን የለም።

«እቁብ ማለት እኮ ነው» አለች ከጎን ያለችው፣ የእታለም የማኅበር ጓደኛ። እዚህ ላይ ትንሽ ግንፍል አልኩ። እቁብ አይደለም! እቁብ ሒሳቡ ይዘጋል። 12 ሰው በወር 1,000 ብር ከጣለ፣ ዕጣው 12,000 ነው፣ እያንዳንዱ 12,000 ጥሎ 12,000 ይወስዳል። ማንም ከጣለው በላይ አይወስድም፣ ስለዚህ ማንም አይጎድልበትም። ጸሐፊው ቢያጭበረብር ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄኛው ግን ማንም ባያጭበረብር እንኳ አይዘጋም። ወረቀት አምጡ አልኳቸው፣ የሬሳ ሣጥን ያመጣሁ ነው ያስመሰሉት።

100 ሰው እያንዳንዱ 5,000 ቢያስገባ 500,000 ብር ነው። ለያንዳንዱ በቀን 150 ሲከፈል በቀን 15,000 ይወጣል። 33 ቀን ላይ ሣጥኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ለእታለም የሚገባላት የራሷ ብር ነው፣ ቆራርጠው እየመለሱላት ነው። ግን 60 ቀን ቃል ተገብቷል፣ 9,000 ብር። ለመቶው 900,000። 400,000 ጎደለ። ስለዚህ 80 አዲስ ሰው ያስፈልጋል፣ የነዚህም ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለፊተኞቹ ይሄዳል። ሰማንያዎቹ ደግሞ 720,000 ይጠብቃሉ። 144 ሰው። ለነሱ ደግሞ 260 ሰው። እያለ ይሄዳል። ይሄ እንግዲህ ሰው ላመጣ የሚከፈለውን ኮሚሽንና ባለቤቶቹ የሚወስዱትን ሳንቆጥር ነው። መቼ ይቆማል ካላችሁ፣ የሚገባው ሰው ከሚወጣው ባነሰበት ቀን። ወይም ባለቤቶቹ «አሁን ይበቃናል» ባሉበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ይሄኛው ይቀድማል።

እና የመጀመሪያው ክፍያ፣ ያ ጢን ያለው፣ ማስረጃ አይደለም። ወጪ ነው፣ ለነሱ። ማስታወቂያ ቢያስነግሩ ከዚያ በላይ ያወጡ ነበር። እታለም በ600 ብር ሦስት ሴት አሳመነችላቸው።

ግን እሷም ዝም አላለችም፣ ታውቋታላችሁ። «ባንክ ያለው ብሬ ምን ሆነ?» አለችኝ። ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ ቀላል ነው የሚል ገበያ አይወጣም ማለት ነው። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፣ በዓመት። የእሷ 5,000 ብር በዓመት 350 ብር ይወልዳል። ሽንኩርት በምን ያህል እንደጨመረ እኔ አልነግራችሁም። አፑ ያንን 350 ብር ሦስት ቀን ሳይሞላ ይሰጣታል። ቂል ስለሆነች አይደለም የገባችው። የሚበላ ብር ይዛ ስለተቀመጠች ነው። አሁንም ድረስ ለዚያ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለኝም፣ «ቀስ ብሎ ይበላ፣ በአንዴ ከሚበላ» ከማለት በቀር። መልስ ነው ይሄ?

ሌላው ያደናገራት ደግሞ እውነተኛው ነገር መምጣቱ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ2024 መጨረሻ ላይ ሲሸጥ በቴሌብር ነበር የሚገዛው። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። የእሷም አፕ በቴሌብር ነው። ያም «ሼር» ይሄም «ሼር»። ልዩነቱን በምን ታውቀው? እኔ የነገርኳት ይሄን ነው፦ ቴሌ ስንት በመቶ እንደሚያተርፍልሽ ቃል ገብቶልሻል? አልገባም። የሚሸጠውን ዘርዝሮ ሰነድ አወጣ፣ ሰነዱ ውስጥ ደግሞ ምን ምን ሊያከስር እንደሚችል ተጽፏል። ጎረቤትሽን ብታመጪ 500 ብር ይሰጥሻል? አይሰጥም። የአክሲዮን ሻጭ በየቀኑ እኩል ብር ሊከፍልሽ አይችልም፣ ንግድ በየቀኑ እኩል አያተርፍማ። ሰንበትም ገናም 150 የሚያስገባ ምን ዓይነት ማሽን ነው?

«ፈቃድ አላቸው» አለችኝና ቴሌግራሙ ላይ የተለጠፈውን አሳየችኝ። አጎላሁት። ንግድ ፈቃድ ነው፣ ማኅተም አለው፣ ምናልባትም እውነተኛ ነው። ዘርፉ ግን አስመጪና ላኪ ይላል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው የሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል ማለት አይደለም። ተቀማጭ ለመሰብሰብ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል። አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው የሚያየው። ስሙን ይዛችሁ እነሱን ጠይቁ፣ አፑን ሳይሆን። ሰው በማምጣት ሽልማት የሚከፈልበት ሽያጭማ በአዋጅ 813/2006 የተከለከለ ነው።

ስምም እኮ ይዋሳሉ። ናይጄሪያ ውስጥ ሲቤክስ የሚባል ነበር፣ ከቤይጂንግ ትክክለኛ የንብረት ገበያ ጋር የሚመሳሰል ስም ይዞ በወር እጥፍ እናደርጋለን ያለ። ሚያዝያ 2025 ላይ ቆመ። ቆመ ብቻ አይደለም፣ ብራችሁን ለማውጣት መጀመሪያ «ማረጋገጫ» ክፈሉ አላቸው፣ 1,000 ዶላር ያልሞላ ያለው 100 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ያለው 200። ይሄን ምልክት ያዙልኝ። የራስህን ብር ለማውጣት ሌላ ብር ክፈል ከተባልክ ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው፣ የሚፈልጉት የቀረውን ጡብ ነው።

የእታለም አፕም እንደዚያ ነው ያለቀው፣ «ግብር» ክፈሉ ብለው። እሷ ግን ቀድማ ወጥታ ነበር። ነቅታ አይደለም፣ ለልጇ ምረቃ ብር ስለፈለገች ነው። 60 ቀኗን ጨርሳ፣ 9,000 ወስዳ፣ በቃኝ አለች። ሁለት ሰው ስላስገባችም ኮሚሽን አላት። ከሁለቱ አንዷ እንጀራ የምትሸጠዋ ናት፣ ዘግይታ ነው የገባችው፣ በ10,000። የሷ አልወጣም።

እንግዲህ እታለም ካስገባችው 5,000 በላይ የወሰደችው ያ 4,000 ብር የማን ነው?

አሜሪካ ይሄንኑ ዓይነት ሥራ በትልቁ ይሠራ የነበረው በርናርድ ማዶፍ በፈረንጆች 2008 ሲያዝ፣ ፍርድ ቤት የሾመው ኧርቪንግ ፒካርድ የሚባል ጠበቃ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ካስገቡት በላይ ያወጡትን ሰዎች ትርፉን መልሱ እያለ ከሰሳቸው። ምንም የማያውቁትንም ጭምር። ትርፉ የሌላው ተበዳይ ገንዘብ ነው፣ የናንተ አይደለም ነው ነገሩ። ብዙ ተጮኸበት። ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ግን ተመልሶ ለተበዳዮቹ ተከፍሏል። እኛ ጋ ያንን የሚያደርግ ማን አለ? እነዚያ በየቀኑ የሚቀያየሩት ስሞች ራሳቸው ምናልባት ሲም ካርዳቸውን በ500 ብር የሸጡ ልጆች ናቸው።

ይሄን ለእታለም ነገርኳት። «ታዲያ እኔ ሌባ ነኝ ነው የምትለኝ?» አለች። አላልኩም። ግን ምን እንዳልኩም አላውቅም። ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «እሷም እኮ እኔ ሳልጎተጉታት ነው የገባችው» አለች። እውነት ነው፣ አልጎተጎተቻትም። የቴሌብሩን መልዕክት ብቻ ነው ያሳየቻት።

ትመልስላት? ግማሹን ትስጣት? ብሩ እኮ የለም፣ ምረቃው ላይ አልቋል፣ እኔም ጥብሱን በልቻለሁ። አንዳንዴ እንጀራ ሻጯ ራሷ ሌላ ሰው አስገብታ እንደሆነስ እላለሁ፣ ያኔ ሒሳቡ የት ጋ ነው የሚቆመው… አላውቅም። እስከ ሰንሰለቱ ጫፍ መሄድ ነው ወይስ… እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ፣ ድምፃችሁን ቅዱና ላኩልኝ። አጠር አድርጉት ብቻ፣ ባለፈው አንዱ ሃያ ደቂቃ ልኮ…