የልብስ ሰፊው ጊታር

ጤና ይስጥልኝ። በርጩማዬ ዛሬም ይጮኻል፤ የጅማ በርጩማ አይጮኽም እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሰዎች ልክ ናችሁ፣ የሚጮኸው እኔ ስቀመጥበት ብቻ ነው። ዛሬ ግን ለመሳቅ ያህል ልቤ አልቀለለም፤ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ጊታር ማውራት አለብኝ።

ልብስ ሰፊው ጋሼ በ52 ዓመታቸው መሣሪያ መማር እንደሚፈልጉ፣ ገንዘባቸው ጥቂት እንደሆነና በሰፈራቸው አስተማሪ እንደሌለ ሲነግሩኝ፣ ጊታር ይግዙ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በስልክ የሚታይ ትምህርት የሞላው ለጊታር ስለሆነ አስተማሪ የማያስፈልግ መስሎኝ ነበር። ያገለገለ ጊታር አገኘን፤ ተቀብዬ ከአንገቱ የላይኛው ጫፍ፣ ከመቃኛው አካባቢ ሁለት ኮርድ መታሁና «ጥሩ ነው ጋሼ፣ ይውሰዱት» አልኩ።

ከዚያች ቅጽበት አልወጣም። ከጫፉ አካባቢ ብቻ ነበር የመታሁት። ጣቴን አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ወደ አንዱ፣ ወደ 12ኛው ፍሬት ባወርደው ኖሮ ያን ጊዜውኑ እሰማው ነበር፤ ምክንያቱም ክር በ12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ፣ ሳይያዝ ከሚሰጠው ድምፅ በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን፣ ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ መስጠት አለበት። ክሩ ከአንገቱ በጣም ከራቀ ግን፣ ወደ ታች ስንጫነው ስለሚለጠጥ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ሆዱ በተጠጋን መጠን እየባሰ ይሄዳል።

ከሦስት ወር በኋላ ሱቃቸው ስገባ ጊታሩ ከኮቶቹ ጋር ተሰቅሎ ነበር። «ልጄ፣ ጣቴ ለመርፌ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም» አሉኝ። አወረድኩት። በስልኬ መቃኛ ወፍራሙን ክር ቀኘሁት፤ በ12ኛው ፍሬት ስይዘው መቃኛው የሚያሳየው ፊደል ያው E ነበር፣ የመቃኛው መርፌ ግን ግማሽ ድምፅን ሦስት ቦታ ብንከፍል አንዱን እጅ ያህል ወደ ላይ ሸሽቶ ነበር። በራሳቸው ሜትር ክሩ ከ12ኛው ፍሬት ያለውን ከፍታ ስለካ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙ ባይርቅ ነበር ደግ። ሜትሩ እኮ የገዛን ዕለትም አንገታቸው ላይ ነበር።

ምክንያቱን ሳየው ይበልጥ ተናደድኩ። አንገቱ ሰፊ፣ የጭንቅላቱ መቃኛ ክፍል በረጃጅም ክፍተቶች የተበሳ፣ ክሮቹም ሆዱ ላይ ከተለጠፈው እንጨት፣ ከብሪጁ ላይ የሚታሰሩበት ጊታር ለናይለን ክር የተሠራ ነው፤ አንዱ ባለቤት ግን የብረት ክር አስሮበታል። የብረት ክር ጉተታው እጅግ ስለሚበልጥ ሆዱን አሳብጦ፣ አንገቱን ወደ ፊት ጎትቶታል። ብሪጁ ላይ የተቀመጠችውን ቀጭን አጥንት መሞረድ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በ12ኛው ፍሬት 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከአጥንቷ 2 ሚሊ ሜትር መነሣት ስላለበት፣ ለዚህ ጊታር የሚበቃ አጥንት አልነበረም።

ክራር ብላቸው ኖሮስ? ስድስቱ ክሮች በተቃኙበት ድምፅ ስለሚመቱ፣ ተጭኖ የሚጣመም ነገር የለም፤ ሙሉ ትዝታን ወደ ግማሽ ትዝታ ለመለወጥም ሁለት ክሮችን ግማሽ ድምፅ ማውረድ ይበቃል። በዚያ ላይ ጆሯቸው ቅኝቱን ከልጅነታቸው ያውቀዋል። ነገር ግን እዚህ ጅማ ዝናቡ ሲበረታ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል። ስለዚህ ሲገዙ ቃኝቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል መትቶ፣ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፦ አንዱ ክር ብቻ ከወረደ መቃኛው እየተንሸራተተ ነው፤ ሁሉም አብረው ከወረዱ ግን ቆዳው ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ደግሞ በእጅ የሚስተካከል አይደለም። መቃኛውንማ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ያበጀዋል... የእኔንም በርጩማ ወደዚያው ልወስደው ይሆናል።

ይሁንና እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ጊታር አልነበረም፤ ስለ መሣሪያ ነበር። ጊታር የምፈልገው እኔ እንደነበርኩ እጠረጥራለሁ። ወይም ደግሞ ዛሬ ክራር የምለው ጥፋቴን ለማቅለል ይሆናል፤ በክራርም ቢሆን ያው አስተማሪ አልነበራቸውም።

የናይለን ክር ገዝቼ ይኸው ፊት ለፊቴ አስቀምጬዋለሁ። ጉተታው ሲቀንስ ሆዱ ጥቂት ይመለስ ይሆናል፣ ሁሉንም ግን አይመልሰውም። ጥፋቱ የጣታቸው እንዳልሆነ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ትናንት በሱቃቸው በር ሳልፍ የስፌት መኪናውን እየረገጡ ነበር፣ እግራቸው ምቱን አይስትም፣ እኔም ልገባ ብዬ...