አራቱ መዝሀቦች በውዱእ ጉዳይ ለምን ይለያያሉ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ኡስታዝ፣ እኔ ያደግኩት ሐረር ነው፣ ባሌ የወሎ ሰው ነው። ውዱእ ካደረግን በኋላ እጃችን ከተነካካ እኔ ውዱኤን አድሳለሁ። እሱ ዝም ብሎ ይሰግዳል። የምናነበው አንድ ቁርኣን አይደል?»

አንድ ነው እህቴ። ልዩነቱ የመጣውም ከአንድ አንቀጽ ነው። ሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 6 ላይ «ሴቶችን ብትነኩ» የሚል ሐረግ አለ። አንቺ ያደግሽበት የሻፊዒይ መዝሀብ «ቃል ማስረጃ እስኪያዞረው ድረስ በግልጽ ትርጉሙ ይያዛል» ይላል። መንካት መንካት ነው። ስለዚህ የባልና የሚስት ቆዳ ያለ መጋረጃ ከተነካካ የሁለቱም ውዱእ ይፈርሳል። ስሜት ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ጸጉርና ጥፍር ግን አይቆጠሩም። ወንድምሽን ወይም አባትሽን ብትነኪም ምንም የለም።

ባልሽ የያዘው የሐነፊይ መዝሀብ ሐረጉን የተረዳው እንደ ኢብኑ ዐባስ ነው። ግንኙነትን በጨዋ ቃል መግለጽ ነው ይላሉ። አንቀጹን ደግሞ እንደገና ተመልከቺው። ውኃ ላጣ ሰው ተየሙምን ሲፈቅድ «ከመጸዳጃ ቢመጣ» ብሎ ውዱእ የሚያስፈልገውን ትንሹን ሐደስ ጠቅሷል። «መንካት» ግንኙነት ከሆነ ገላ መታጠብ የሚያስፈልገው ትልቁም ሐደስ ተጠቀሰ፣ አንቀጹ ሁለቱንም ያዘ ማለት ነው። ለእኔ ከሐነፊዮች ማስረጃዎች የሚያረካኝ ይህ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያወሩትም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲሰግዱ፣ ሱጁድ ሊወርዱ ሲሉ የዓኢሻን እግር ነካ ያደርጉ ነበር፤ ዓኢሻም እግራቸውን ይሰበስቡ ነበር። ሻፊዒዮች «ልብስ በመሃል ይኖራል» ብለው ይመልሳሉ።

ማሊክና አሕመድ መሃል ላይ ናቸው። ኢማም ማሊክ የመዲና ሰው ናቸው፤ የሶሓቦችን ፈትዋና የከተማዋን አሠራር አጥብቀው ይይዛሉ። በሙወጠእ ውስጥ ሚስትን መሳም ከመንካት እንደሚቆጠር ከኢብኑ ዑመር አስፍረዋል። የዓኢሻ ወሬም አለ። ሁለቱን ያስታረቁት በስሜት ነው። ስሜት ካለበት ያፈርሳል፣ ከሌለበት አያፈርስም። ከኢማም አሕመድ የተላለፈው ከአንድ በላይ ነው፤ ምክንያቱም እሳቸው የመጣን ወሬ በቀላሉ አይጥሉም። የታወቀው ግን ይኸው በስሜት የተለየው ነው።

«ሐነፊዮች ውዱእ ያለ ኒያ ይሆናል ይላሉ። ‹ሥራ በኒያ ነው› የሚለውን ሐዲስ ጥለውት ነው?»

በፍጹም ወንድሜ። ሐዲሱን ይቀበሉታል፤ የሚለያዩት የት ቦታ ይቀመጣል በሚለው ላይ ነው። ያው አንቀጽ ፊትን፣ እጅን እስከ ክርን፣ ራስን ማበስ፣ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ይላል። ኒያ አልጠቀሰም። ሐነፊዮች ዘንድ ቁርኣን በእርግጠኝነት የተላለፈ ነው። በጥቂት አውሪዎች የመጣ ሐዲስ ከዚያ በታች ነው። በእሱ ምክንያት አንቀጹ ላይ አዲስ ግዴታ መጨመር መሻር ይሆናል፣ ደካማው ብርቱውን አይሽርም ይላሉ። ስለዚህ ኒያ ለምንዳ ነው፣ ሱና ነው። ሦስቱ ግን «ሐዲስ የቁርኣን ማብራሪያ እንጂ መሻሪያ አይደለም» ብለው ኒያን ግዴታ አደረጉት።

ውጤቱን እንየው። ሰውየው ወንዝ ሲሻገር አዳልጦት ወደቀ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ራሰ። ሐነፊዮች ዘንድ ውዱእ አለው፣ ወጥቶ ይስገድ። ሌሎቹ ዘንድ ራሰ እንጂ ውዱእ አላደረገም።

«ሐጅ ላይ በጠዋፍ ግፊያ ሴት መንካት አይቀርም። እኔ ሻፊዒይ ነኝ። በዚህ ብቻ ሐነፊይን ብከተልስ?»

መከተል ይቻላል፤ ብዙ ሻፊዒዮች በጠዋፍ ጊዜ ያደርጉታል። ግን አንድ ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሻፊዒዮች ራስ ለማበስ ጥቂት ጸጉር ይበቃል ይላሉ። ሐነፊዮች ግን ነቢዩ የግንባራቸውን ጸጉር ካበሱበት ሐዲስ ተነስተው የራስ ሩብ ይላሉ። ማሊኮችና ሐንበሊዮች መላውን ራስ።

እንግዲህ በሻፊዒይ ሕግ ሁለት ሦስት ጸጉር አበስክ፣ ከዚያ ሴት ነካህና «ሐነፊይ ነኝ» አልክ። ሻፊዒዮች «ነክተሃል፣ ፈርሷል» ይሉሃል። ሐነፊዮች «ከመጀመሪያውም ሩቡን አላበስክም» ይሉሃል። በሁለቱም ዘንድ ውዱእ የለህም። ዑለሞች ይህን ተልፊቅ ይሉታል፣ አብዛኞቹም ይከለክላሉ።

ስለዚህ ሐረም ከመግባትህ በፊት ነይተህ፣ በቅደም ተከተል፣ መላ ራስህን አብሰህ ውዱእ አድርግ። ከዚያ በግፊያው ብትነካካ ሐነፊይን ይዘህ ጠዋፍህን ቀጥል። በመሃል ቆስለህ ደም ከፈሰሰህ ግን ሐነፊዮች ዘንድ ውዱእ ይፈርሳል፤ ያኔ ወጥተህ አድስ።