የእኔን በጥቅል፣ የእናንተን በሰዓት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ዓለም አቀፍ የትርጉም ቀን ይከበራል። ቀኑ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው የቅዱስ ጄሮም መታሰቢያ ነው። አዘጋጆቹ በዚህ ቀን ስለ ሙያችን ክብር ትንሽ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ስለ ክብሩ ከእኔ በኋላ የሚናገሩ አሉ። እኔ የመጣሁት ስለ ዋጋ ነው። ዲዛይነሮችም ዛሬ በመካከላችን በመገኘታችሁ ደስ ብሎኛል። የሚያቃጥለን ነገር አንድ ነውና።

ጀማሪዎች ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «በሰዓት ላስከፍል ወይስ ለሥራው በጥቅል?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። የሥራውን መጠን የምቆጣጠረው እኔ ከሆንኩ በጥቅል አስከፍላለሁ። የሚቆጣጠረው ደንበኛው ከሆነ በሰዓት። ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ለምን ሁሉንም በሰዓት አናደርገውም? የልደት የምስክር ወረቀት አስቡ። ጀማሪው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። የቆየው ግን ቅጹን ድሮ አዘጋጅቶታል፣ የማኅተሙንም የፊርማውንም አጻጻፍ ያውቃል፣ በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። በሰዓት ካስከፈልን ጎበዙ የጀማሪውን ስድስተኛ ሊቀበል ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ደግሞ ኤምባሲው የማይመልሰው ወረቀት እንጂ የእኛን ሰዓት አይደለም። ስለዚህ መጠኑ የታወቀ ሥራ ሲሆን ጥቅል ዋጋ ለሁለታችንም ይሻላል። እሱ ስንት እንደሚከፍል ቀድሞ ያውቃል፤ እኔም በፍጥነቴ አልቀጣም።

ግን ጥቅል ዋጋ ከሰማይ አይወርድም። የሚሠራው ከሰዓት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ አንድ ሥራ አብረን እናስላ።

አንድ ድርጅት የ24 ገጽ ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይፈልጋል እንበል። «በገጽ ስንት ነው?» ይላል። ገጽ ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ፊደሉ 10 ነው 14? ሠንጠረዥ አለው? በፖላንድ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚዎች አንድ ገጽ የሚሉት 1,125 ምልክት ነው፣ በሕግ ተወስኖ። በጀርመን ለፍርድ ቤት የሚተረጉም ሰው የሚከፈለው 55 ምልክት ባለው መስመር ነው። እኛ ጋ ገጽ ማለት የደንበኛው ወረቀት ያህል ነው። ስለዚህ ገጹን ተዉትና ቃሉን ቁጠሩ። ቁጠሩ ስል ደግሞ እንግሊዝኛውን። አማርኛችን ተውላጠ ስሙንም አሉታውንም በአንድ ግሥ ውስጥ ይከታል። ሦስት አራት የእንግሊዝኛ ቃል «አልመጡም» ብሎ ያልቃል። በአማርኛው ቃል ልክ የተዋዋለ ሰው ሥራውን ሳይጀምር ከደሞዙ ቀንሷል። በዚያ ላይ የምንጩ ቃል ከመጀመራችሁ በፊት ይታወቃል፣ የአማርኛው የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

የእኛ ሪፖርት 9,000 ቃል ወጣው እንበል። በሰዓት 300 ቃል የሚተረጉም ሰው 30 ሰዓት ይፈጅበታል። በሰዓት 300 መሆኑን በምን አወቀ? ስለሚመዘግብ! በጥቅል ብትሠሩም ሰዓታችሁን መዝግቡ፣ ተራ ደብተር ይበቃል። ያልመዘገበ ሰው ዋጋ አይሰጥም፣ ይገምታል። ከዚያ ከምንጩ ጋር ማስተያየት አለ፣ 10 ሰዓት። ለቃላት ምርጫ፣ ለስብሰባና ለኢሜይል 4 ሰዓት። ዲዛይነሩ ገጹን ካቀናበረ በኋላ ፒዲኤፉን ማየት ሌላ 4 ሰዓት ነው። የተቆረጠ መስመርና የጠፋ ፊደል የሚገኘው እዚያ ነውና ይህን እንዳትዘሉት። ድምሩ 48 ሰዓት።

የአንዱ ሰዓት ዋጋ ስንት ነው? የዚህ ሰው የወር ወጪ፣ ቤቱ፣ ኢንተርኔቱ፣ የኮምፒውተሩ እርጅና፣ ግብሩ ተደምሮ 60,000 ብር ነው እንበል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቀጥሎ ነው። 22 ቀን በ8 ሰዓት 176 ሰዓት ይሆናል፤ ለዚያ ስናካፍለው 341 ብር ይወጣል። ግን 176ቱን ሰዓት ማን ይከፍላችኋል? ዋጋ ማቅረቢያ መጻፍ፣ ቼክ ለመቀበል መመላለስ፣ መብራት ሲጠፋ መጠበቅ፣ ሥራ ሳይኖር መቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ያው ሰዓት ነው። የሚከፈልበት ግማሹ ከሆነ ጥሩ ነው። ለ88 ስናካፍለው 680 ብር ገደማ ይመጣል። 700 እንበለው።

48 ሰዓት በ700 ብር 33,600 ብር ነው። ያልታሰበ ነገር አይጠፋምና 15 በመቶ ጨምሩበት፣ 38,640 ይሆናል። ቫት የተመዘገበ ሰው 15 በመቶውን ከዚያ በላይ ያስባል፣ ከውስጡ አይደለም።

አሁን ያንኑ ሥራ ገጹን በ700 ብር የተዋዋለውን ሰው እዩት። 24 ገጽ፣ 16,800 ብር። ለ48 ሰዓት ሲካፈል 350 ብር። ይህ ሰው በጭንቅላቱ የያዘው ያንን 341 ስለሆነ አተረፍኩ ብሎ ነው የሚሄደው! ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡ የት እንደገባ አይገባውም።

ደንበኛው «በጀቴ 30,000 ነው» ቢልስ? የሰዓቱን ዋጋ አትንኩ። ሥራውን ቀንሱ። አባሪዎቹ ይቅሩ፣ ወይም የፒዲኤፉን ፍተሻ ራሳቸው ያድርጉት። ያው ሥራ በስምንት ሺህ ብር ከቀነሰ ግን ቀድሞ የሰጣችሁት ዋጋ ውሸት ነበር ማለት ነው። ደንበኛውም እንደዚያ ነው የሚረዳው።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

በየውላችን ውስጥ አንዲት ሐረግ አለች። «እስኪጸድቅ ድረስ» ትላለች። አንዳንዴ «ደንበኛው እስኪረካ ድረስ» ትሆናለች። ዋጋው ጥቅል ነው፣ ሥራው ግን ማብቂያ የለውም! ታሪኩን የምታውቁት ይመስለኛል፣ ቢሆንም ልንገራችሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና መመሪያ ሰጠኝ። ሐረጓን ሰርዤ «ሁለት ዙር እርማት» ብዬ ጻፍኩ። ፈረሙ። ከመመሪያው ሁለት ሦስተኛውን ከጨረስኩ በኋላ አዲስ ፋይል መጣ። ስሙ `final_v2_NEW.docx` ይላል። ከሥሩ «ትንሽ ተነካክቷል፣ በዚህኛው ይቀጥሉ» የሚል መልእክት አለ። ትንሽ! ሁለቱን ፋይሎች ዎርድ ላይ በ Review ሥር ባለው Compare አስተያየኋቸው። ከጽሑፉ ሲሶው ያህል ተቀይሯል። ያለቀ ምዕራፍ ተሰርዞ ሌላ ገብቶበታል። ለተቀየረው ቃል ዋጋ አስልቼ፣ ማስተያያውን አባሪ አድርጌ ላክሁ።

ስልክ ተደወለ። «ምነው እህቴ፣ እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን።»

እንደ ቤተሰብ! ልብስ ሰፊ ጨርቁን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ጨርቅ ይዞ መጥቶ በዚያው ዋጋ ስፋልኝ የሚል ቤተሰብ አለ? ለወረቀት አቅራቢው፣ ለማተሚያ ቤቱ፣ ለመኪና ኪራዩ ቤተሰብ አይደሉም። ቤተሰብ የምንሆነው ለእኛ ብቻ ነው፣ ያውም ሂሳብ በተነሳ ቀን!

ከፈሉ፣ አጉረምርመው። ከዚያ ኮሚቴው መጣ። እያንዳንዱ አባል በየራሱ ቅጂ ላይ አስተያየቱን ጽፎ ለየብቻ ላከ። አንዱ የቆረጠውን አንቀጽ ሌላው «ይህ በጣም ጥሩ ነው፣ ይስፋ» ይለዋል። ሁለቱ ዙር አለቀ፣ ሦስተኛው ደረሰ። ውሉን ሳስታውሳቸው የተሰጠኝን መልስ በሕይወቴ አልረሳውም። «ይሄ እርማት አይደለም፣ አስተያየት ነው።»

መስጠቱ በነጻ ነው። ማስገባቱ ግን ሰዓት ይበላል፣ የእኔን ሰዓት! በጽሑፍ መለስኩላቸው። «ከዚህ በኋላ ያለው አስተያየት የሚገባው በሰዓት ክፍያ ነው፤ ሰዓቱን መዝግቤ አቀርባለሁ።» ምን የሆነ ይመስላችኋል? ኮሚቴው ተሰበሰበ። ያ ሁሉ አስተያየት አንድ ገጽ ሆኖ፣ በአንድ ሰው ፊርማ መጣ። እርስ በርሱ የሚጣረሰው ሁሉ ጠፍቷል። ሰዓቱ የእኔ ብቻ በነበረ ጊዜ ለመስማማት ምን አስቸኮላቸው? ዋጋ ሲወጣለት ግን ተስማሙ።

ለዚህ ነው የእኔን በጥቅል፣ የእናንተን በሰዓት የምላቸው። ውሉ ላይ ሦስቱን ለዩ። የእኔ ስህተት ከሆነ፣ የዘለልኩት መስመር ወይም የገለበጥኩት ቁጥር፣ በነጻ አስተካክላለሁ፣ ስንትም ጊዜ ቢሆን። የምርጫ ጉዳይ ከሆነ፣ «ይህ ቃል ይሻላል» የሚለው፣ ሁለት ዙር ድረስ በጥቅሉ ውስጥ ነው፤ እሱም ተጠቃሎ ከአንድ ሰው ከመጣ። ምንጩ ከተቀየረ አዲስ ዋጋ አለው። ከዚህ የተረፈው ሁሉ በሰዓት ነው፣ የሰዓቱም ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ይቀመጥ። ከተጣላችሁ በኋላ የምታመጡት ዋጋ ቅጣት ይመስላል።

ዲዛይነሮች፣ የእናንተን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስንት የሎጎ ሐሳብ እንደምታቀርቡ ጻፉ። ሊቀየር የሚችለውን ዋናውን ፋይል ማስረከብ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ጻፉ። የማተሚያ ቤት ክትትልን በሰዓት አድርጉት፣ እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆማችሁ የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም።

በቃል የምታስተረጉሙ፣ ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን በሉ እንጂ በሰዓት አትሁኑ። የሁለት ሰዓት ስብሰባ ቀኑን ሁሉ ይበላዋል።

ቅድሚያ ክፍያ ግማሹ ይሁን። ቅድሚያ አንከፍልም የሚሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ አውቃለሁ። ለእነሱ ሥራውን በክፍል እየቆረጣችሁ አስረክቡ፣ በየክፍሉም ደረሰኝ አቅርቡ። ስለ ተቀናሽ ግብሩ ዝርዝር ከሻይ በኋላ የሂሳብ ባለሙያ ይናገራል፤ እኔ አልነካውም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሥራ የምትሰጡም እንዳላችሁ አይቻለሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ ያንን የውል ቅጽ አውጡና «እስኪጸድቅ ድረስ» የሚለውን ሰርዙት። በቦታው የዙር ቁጥርና የሰዓት ዋጋ ይግባ። እኛም፣ ሐረጓ ሳትሰረዝ የሚፈርም ባልደረባ ካየን ዝም አንበል፤ እሱ በፈረመ ቁጥር ለሁላችንም «ሌሎቹ እኮ ይፈርማሉ» ይባልልናል።

አመሰግናለሁ።