ግሱ ከ more ጀርባ ሲቀር፦ የኢንስታግራም ካፕሽን የመጀመሪያ መስመር

[ስክሪን፦ ቅጠሎቹ ቢጫ የሆኑ የቤት ውስጥ ተክል ፎቶ። ከሥሩ የተቆረጠ ካፕሽን።]

እስቲ ይህን ካፕሽን አብረን እናንብበው። «ሰላም ውድ ተከታዮቼ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ በቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው ተክሎች…» እዚህ ላይ ይቆምና `more` የምትለዋ ትንሽ ቃል ትመጣለች። ተክሎቹ ምን ሆኑ? አልተነገረንም። ጸሐፊው ምን ሊለን ነው? እሱም አልታወቀም።

ይህን ካፕሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከ`more` በኋላ ያለውን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። ፖስት ካደረግኩት በኋላ ግን ኮመንት ላይ ደጋግሞ የመጣው «ተክሉ ምን ሆኖ ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። መልሱ እዚያው ካፕሽኑ ውስጥ ተጽፏል፤ ከፍቶ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

[ስክሪን፦ ካፕሽኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የሚቆረጥበት ቦታ በቀይ መስመር።]

ኢንስታግራም አንድ ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደል እንዲይዝ ይፈቅዳል። ፊድ ላይ ሳይከፈት የሚታየው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያዎቹ 125 ፊደላት ይታያሉ» ሲባል ትሰማላችሁ። በዚህ ቁጥር አትተማመኑ፤ በተለይ በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ። ቁጥሩ የሚነገረው የላቲን ፊደልን በማሰብ ነው። የእኛ ፊደል ሰፋ ያለ ስለሆነ አንድ መስመር ላይ የሚገባው ያንሳል። ያ የተቆረጠው ዓረፍተ ነገሬ እስከ መጨረሻው ቢቆጠር ክፍት ቦታውን ጨምሮ 91 ብቻ ነው። 125 አልደረሰም፤ ስልኬ ላይ ግን ገና ከግማሹ ትንሽ አለፍ ሲል ተቆርጧል።

ሌላም አለ። ፊድ ላይ የአካውንታችሁ ስም ከካፕሽኑ ፊት እዚያው መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ስማችሁ ረጅም ከሆነ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ቦታ ይወስዳል። ስልኩ ላይ ፊደል አጉልቶ የሚያነብ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያየው። ሪልስ ላይ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ቪዲዮው ላይ ተደርባ የምትታየው አንዲት አጭር መስመር ብቻ ናት። ስለዚህ እኔ ፊደል መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ለሪልሱ መስመር የሚበቃ ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ ፊድ ላይም አይቆረጥብኝም።

[ስክሪን፦ «ሰላም ውድ ተከታዮቼ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ በቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው ተክሎች ቅጠላቸው ቢጫ የሚሆንበትን ዋና ምክንያት ላካፍላችሁ ወድጃለሁ።»]

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ተመልከቱት። በመጀመሪያ ሰላምታውን እናንሳ። ሰላም ሳይሉ ወሬ መጀመር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔንም ከብዶኛል። ሰላምታው ግን ይጥፋ አላልኩም፤ ወደ ካፕሽኑ መጨረሻ ይውረድ። እስከዚያ ድረስ ያነበበ ሰው ሰላምታው በእርግጥ ይደርሰዋል።

ሰላምታው ሲነሳ 64 ፊደል ይቀራል። አጠረ፤ ችግሩ ግን አልተፈታም፤ ምክንያቱ ደግሞ ቋንቋችን ውስጥ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምንን የሚለው ሁሉ ቀድሞ ይደረደርና የሆነው ነገር ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ገላጩም ከስሙ ይቀድማል፦ «በቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው» ብለን ነው «ተክሎች» የምንለው። ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲቆረጥ፣ አንባቢው እጅ ላይ የሚቀረው ዝግጅቱ ብቻ ነው። ድርጊቱ ከ`more` ጀርባ ይውላል። ምን እንደተደረገ ያላወቀ ሰው ደግሞ ለመክፈት የሚያነሳሳው ነገር የለም።

[ስክሪን፦ «ተክሌን የገደልኩት ውኃ እያጠጣሁ ነው።»]

መውጫው እዚያው አማርኛ ውስጥ አለ። ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ተክሉ ምን ሆነ?» ቢለኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ ምን ይሆን ነበር? «ዋናውን ምክንያት ላካፍልህ ወድጃለሁ» አልለውም። «ተክሌን የገደልኩት ውኃ እያጠጣሁ ነው።» ነው የምለው። 24 ፊደል።

አሠራሩን ልብ በሉት። «ገደልኩት» ብዬ ብጽፍ ግሱ መጨረሻ ላይ ይወድቅ ነበር። «የገደልኩት … ነው» ስል ግን ክብደት ያለው ቃል ወደ ፊት መጥቶ ሁለተኛ ቃል ሆኗል። መጨረሻ ላይ የቀረችው «ነው» ብቻ ናት። ጠባብ ስክሪን ላይ እሷ እንኳ ብትቆረጥ ሐሳቡ አይጎድልም። በዕለት ተዕለት ንግግራችን አንድን ነገር አጉልተን ለማውጣት የምንጠቀምበት አነጋገር ይኸው ነው፤ ካፕሽን ላይ ስንቀመጥ ግን «ላካፍላችሁ ወድጃለሁ» የሚል የስብሰባ ቋንቋ ውስጥ እንገባለን።

ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ጉዳዩ ግን አላለቀም። ውኃ ሕይወት ይሰጣል እንጂ እንዴት ይገድላል? ያ ጥያቄ ነው ጣትን ወደ `more` የሚወስደው። ጥያቄ ማስነሳትንና ዓረፍተ ነገር ማጉደልን አትቀላቅሉ። አንዳንዶች «ተክሌ የሞተበት ምክንያት…» ብለው ነጥብ ነጥብ ያደርጉና ያቆማሉ። ይህ ዓረፍተ ነገሩን ማጉደል ነው፤ አንባቢው መረጃ እንደተነፈገ ይሰማዋል። ሙሉ ነገር ንገሩት፤ የተናገራችሁት ራሱ ጥያቄ ይውለድ።

[ስክሪን፦ ሁለተኛው መስመር ይጨመራል፦ «ቅጠሉ ሲጠወልግ የጠማው መስሎኝ ነበር።»]

ሁለተኛው መስመር መልሱን አይሰጥም፤ ጥያቄውን ያጠብቀዋል። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ባዶ መስመር አትተዉ፤ ባዶው መስመር የሚታየውን ቦታ ይበላል። መልሱ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ፦ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ሲሆን ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ አይችልም፤ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። እኛ ደግሞ የጠማው እየመሰለን እንጨምርለታለን። በሦስተኛውና በአራተኛው መስመር ላይ ይህ መልስ ከሌለ የመጀመሪያው መስመር ማታለያ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከፍቶ ምንም ያላገኘ ሰው የሚቀጥለውን ካፕሽናችሁን አይከፍትም።

[ስክሪን፦ አዲሱ ካፕሽን በሁለት ስልኮች ላይ፣ ጎን ለጎን።]

ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ብታዩት ይሻላል። እኔ ማንም የማይከተለው ዝግ አካውንት አለኝ፤ መጀመሪያ እዚያ ፖስት አድርጌ በራሴ ስልክና ፊደሉ በጎላ ሌላ ስልክ አየዋለሁ። ዋናው አካውንት ላይ ወጥቶ ከተቆረጠባችሁም ካፕሽን ከወጣ በኋላ ይታረማል፤ ፖስቱን ማጥፋት አያስፈልግም።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ከቁጥር አታገኙትም፤ ኢንስታግራም ስንት ሰው `more`ን እንደነካ አያሳያችሁም። ኮመንቱን አንብቡ። ካፕሽኑ ውስጥ የተጻፈውን መልሰው የሚጠይቋችሁ ከሆነ አልከፈቱትም ማለት ነው። እኔ አሁን አንድ ትንሽ ጥያቄ ወደ ታች፣ አምስተኛው መስመር አካባቢ አስቀምጣለሁ። በተክሉ ካፕሽን ላይ ያስቀመጥኩት «እናንተ አፈሩን በጣታችሁ ነክታችሁ ነው ወይስ ቀን ቆጥራችሁ የምታጠጡት?» የሚል ነበር።

[ስክሪን፦ ኮመንቶች፦ «በጣቴ»፣ «ቀን ቆጥሬ ነበር፣ ለካ…»፣ «እኔም በጣቴ።»]