አንድ ፎቶ፣ ሦስት ቃል

[በስክሪኑ፦ በጽሑፍ የታጨቀ ስላይድ]

ይህ ስላይድ ስለ ጎጃም ደጋ አሲዳማ አፈር ነው። ዘጠኝ ነጥብ፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ ጥግ ላይ ሁለት አርማ። ደብረ ማርቆስ አንድ ጉባኤ ላይ ሲቀርብ ከኋላ ወንበር ነበርኩ። ሰዉ ዓይኑን አጥብቦ ያነባል፣ አቅራቢው ይናገራል። እያነበቡ ማዳመጥ ደግሞ ይከብዳል። በጣም አዘንኩ፤ ንግግሩ ጥሩ ነበራ።

እስቲ እንደገና እንሥራው። ሰሚው ከዚህ ስላይድ ይዞት የሚሄደው አንድ ነገር ነው፦ የአፈሩን አሲዳማነት የሚቀንሰውን ኖራ ያገኘው ገብስ ቆሟል፣ ያላገኘው ቀጭጯል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ያለው አልሙኒየም ሥሩን እንዴት እንደሚጎዳው በአፍ ይነገራል። ዝርዝሩ ከስላይዱ ሥር ባለው የማስታወሻ ቦታ ይቀመጥ።

[በስክሪኑ፦ ሁለት የገብስ መደብ ጎን ለጎን]

ፎቶው ሁለቱን መደቦች አንድ ላይ ያሳይ። ለየብቻ ከተነሡ ልዩነቱ የገብሱ ይሁን የካሜራው አይታወቅም። ስልኩን አግድም ያዙ፣ በርከክ በሉ። ያኔ ገብሱ ከሰማዩ ፊት ቁመቱ ይለያል፤ ከላይም ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ሰማይ ይተርፋል። ፎቶውን በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ግድግዳ ላይ ይደበዝዛል።

አሁን ስላይዱን 16 በ 9 አድርጉና ፎቶውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሙሉት። አልገጥም ካለ ቁረጡት እንጂ አትለጥጡት፤ የተለጠጠ ገብስ ቁመቱ ይዋሻል።

[በስክሪኑ፦ ሰማዩ ላይ «ግራው ኖራ አግኝቷል»]

ጽሑፉ ይኸው ነው። ከላይ ያስቀመጥነው የታችኛው ክፍል በፊተኛ ረድፍ ሰዎች ጭንቅላት ስለሚሸፈን ነው። ነጭ ፊደል በደማቅ ሰማይ ላይ ግን ይጠፋል። ስለዚህ በፎቶውና በጽሑፉ መካከል ጥቁር አራት ማዕዘን አስገቡ። ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች እየሳሳ ይጥፋ፤ ገብሱን እንዳይነካው።

የፊደሉ መጠን 44 ይሁን፣ ወፈር ያለ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ቅጥያ ነው። «ቀ» እና «ቁ» ከኋላ ወንበር አንድ ይመስላሉ። የአዳራሹ ኮምፒውተር ፊደላችሁ ከሌለው ደግሞ አቀማመጡ ሁሉ ይዛነፋል። ፓወርፖይንት ላይ ስታስቀምጡ Embed fonts in the file የሚለውን ምረጡ፣ ፒዲኤፍ ቅጂም ያዙ።

ፎቶው የማይችለው ነገር አለ፤ ምርቱ በስንት ኩንታል እንደጨመረ አይናገርም። ለእሱ ቀጣዩን ስላይድ ስጡት፦ ሁለት ዓምድ፣ በየአናታቸው አንድ አንድ ቁጥር። ኖራ ያገኘው አረንጓዴ፣ ሌላው ግራጫ።

[በስክሪኑ፦ ባዶ አዳራሽ]

ሰው ሳይገባ ቀድማችሁ ድረሱ። ስላይዱን ከፍታችሁ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። መጋረጃው ሳስቶ ብርሃን ከገባ ከጽሑፉ ኋላ ያለው ጥቁር ይገረጣል። ሦስቱ ቃላት ወዲያው ካልተነበቡላችሁ ተመለሱና ጥቁሩን ትንሽ አጥቁሩት።