ከጅማ ክረምት ወዴት ይኬዳል? ሙቀት ኖሮ ላብ የማያጣብቅበትን ቦታ ፍለጋ

(ምስል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዝናብ፣ በወንበር ላይ የተሰጣ ጋቢ)

እንደምን ከረማችሁ፣ ተመልካቾቼ። ይህ የምትሰሙት ድምፅ የካሜራዬ ብልሽት አይደለም። የጅማ ሐምሌ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አላባራም። ይህን ጋቢ ታያላችሁ? የታጠበው ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጫፉን ስጨምቀው አሁንም እጄን ያረጥባል። ሦስት ቀን ሙሉ ተሰጥቶ ጋቢው ያገኘው አዲስ ነገር ቢኖር ሽታ ብቻ ነው።

የዛሬው ጥያቄ የአክስቴ ነው። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በክረምት ብርዱና እርጥበቱ ያሠቃያቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ለአሥር ቀን ሙቀት ወዳለበት መሄድ ይፈልጋሉ። ግን ደግሞ የሚያጣብቅ ሙቀት አይወዱም። ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ወበቅ አይፈልጉም። ሰው ሲሰማው ቅብጠት ይመስለዋል። አይደለም። ሙቀት እና ወበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የሚለኩትም በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ነው።

አምና ምክር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስልኬን ከፈትኩ፣ የጅማ እርጥበት 80 በመቶ ይላል፣ የጋምቤላ 70 በመቶ። «አክስቴ፣ ጋምቤላ ይሂዱ፣ ይሞቃል፣ እርጥበቱም ከእኛ ያንሳል» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ እንደ ቅቤ ቀልጬ ላልቅ ነው፤ ምን በደልኩህ?» አሉኝ። ይህን ታሪክ ባለፈው ቪዲዮ ስነግራችሁ አስተያየት መስጫው በአንድ ጥያቄ ተጥለቀለቀ፦ «ቁጥሩ እኮ ጅማ የበለጠ እርጥብ ናት ይላል፤ አንተ ጋምቤላን ለምን ታማለህ?» በቅድሚያ፣ ጋምቤላን አላማሁም። በታኅሣሥና በጥር ሂዱና እዩአት፤ ሙቀቱ ደረቅ ነው። የማወራው ስለ ሐምሌ ነው። ግን ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ ስለዚህ የዛሬውን ዕቅዴን ትቼ በእሱ ልጀምር።

ስልኩ የሚያሳየው መቶኛ አየሩ ምን ያህል ውኃ እንደያዘ አይነግራችሁም። አየሩ መያዝ ከሚችለው ውስጥ ምን ያህሉ እንደሞላ ነው የሚነግራችሁ። ሲኒ እና ጀበና አስቡ። ሲኒው 80 በመቶ ሞልቷል። ጀበናው 70 በመቶ ሞልቷል። የትኛው ውስጥ ብዙ ቡና አለ? ሲኒው የበለጠ ሞልቷል ብሎ እንግዳ በሲኒው ሊያስተናግድ የሚነሣ ሰው ጅማ ውስጥ አይገኝም። አየርም እንዲሁ ነው። ሞቃት አየር ትልቅ ዕቃ ነው፤ ሙቀቱ አሥር ዲግሪ ሲጨምር የመያዝ አቅሙ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የጅማ አየር በ22 ዲግሪ ሲኒ ነው፤ የጋምቤላ አየር በ32 ዲግሪ ጀበና ነው። ስለዚህ 70 በመቶ የሞላው የጋምቤላ አየር 80 በመቶ ከሞላው የጅማ አየር አንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ እንፋሎት ይዟል። አክስቴን ያቀለጣቸው ይህ ነው። መቶኛው አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ቡና የሚያደርቅ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ቴርሞሜትር ሳይነካ ያውቀዋል።

(ምስል፦ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ቀይ እሸት ቡና፣ የሚያገላብጡ እጆች)

የአያቴን ጓሮ ተመልከቱ። ቀይ እሸት ቡና በአልጋው ላይ በስሱ ይዘረጋል። በስሱ የምለው ለማሳመር አይደለም፤ ከተከመረ ከሥር ያለው አየር አያገኝም። በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል። ሲመሽ ይሸፈናል፤ ምክንያቱም ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ዕቃው ይጠብና ጤዛ ይወርዳል፣ ቀን የለቀቀውን ውኃ ቡናው ሌሊት መልሶ ይጠጣል። በደህና ቀን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መድረሱን አያቴ በጆሯቸው ነው የሚያውቁት፤ ጀንፈሉን በእፍኛቸው ያነሡና ያንኳኩታል። ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ «ደርሷል» ይላሉ። በመሣሪያ ቢለካ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ገደማ ነው። እኔ አሥር ጊዜ አንኳኩቼ አሥር ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ታዲያ ቡናውን የሚያደርቀው ምንድን ነው? «ፀሐይ» ትላላችሁ። ፀሐይ ታግዛለች። የሚያደርቀው ግን አየሩ ነው። በክረምት ዝናቡ ሲያባራ ለሁለት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ይወጣ የለ? ያን ጊዜ ቡና ብታሰጡ ይሞቃል፣ ግን በቅጡ አይደርቅም። ውኃው ከፍሬው መውጣት ይፈልጋል፣ አየሩ ግን ሞልቷል፣ አልቀበልም ይለዋል። የሞቀና ያልደረቀ ቡና ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል።

ቆዳችሁ ያ አልጋ ነው። ላባችሁ በፍሬው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ብቻ ነው፤ ሲንጠባጠብ አይደለም። አክስቴ አምና በሐምሌ በክረምት ፀሐይ የተሰጡ ቡና ነበሩ። (ይህን ቪዲዮ እንዳታሳዩአቸው።)

ቻናሉን ገና ያልተከተላችሁ አሁን ተከተሉ፣ ደወሏንም ተጫኑ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቪዲዮ ጋቢ ስለማድረቅ ነው፣ ጋቢው ከደረሰ።

ወደ ቁጥሩ። መመልከት ያለባችሁ የጤዛ ነጥብን ነው። ብዙ ስልኮች ላይ Dew point ተብሎ ተጽፏል። አየሩ እስከዚያ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጤዛ መጣል ይጀምራል ማለት ነው። ቆዳችን ቀኑን ሙሉ ወደ 35 ዲግሪ ስለሚቆይ ላባችን መተን አለመተኑን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ከ16 በታች ከሆነ ማንም አያማርርም። ከ20 ሲያልፍ ልብስ መጣበቅ ይጀምራል። 24 ሲደርስ አክስቴ ይደውላሉ።

ስልካችሁ ካላሳየ በጭንቅላት ይሠራል፦ ከ100 ላይ እርጥበቱን ቀንሱ፣ ለ5 አካፍሉ፣ ያገኛችሁትን ከሙቀቱ ላይ ቀንሱ። ጅማ፣ 22 ዲግሪ፣ 80 በመቶ፦ 20 ለ5 ሲካፈል 4፤ 22 ሲቀነስ 4፣ 18። ጋምቤላ፣ 32 ዲግሪ፣ 70 በመቶ፦ 30 ለ5 ሲካፈል 6፤ የጤዛ ነጥቡ 26። አያችሁ? ይህ ስሌት እርጥበቱ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ነው የሚያገለግለው፤ ከዚያ በታች የጤዛ ነጥቡን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። ደግሞ የማለዳውን መቶኛ አትውሰዱ፤ ንጋት ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁሉም ቦታ እርጥብ ይመስላል። የከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓቱን ሙቀትና መቶኛ አንድ ላይ ውሰዱ።

አሁን ካርታው፣ በፍጥነት፤ የትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስለሆነ። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ይከተላል። በሐምሌና በነሐሴ ሰሜን ላይ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር በእኛና በጋምቤላ ላይ ይራገፋል። ደቡቡን ግን ቀበቶው ሁለት ጊዜ ነው የሚያቋርጠው፤ ሲወጣ በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ሲመለስ በጥቅምት ግድም። ስለዚህ እኛ ስንሰጥም ደቡብ በሁለት ዝናብ መካከል ይተነፍሳል። አለቀ።

«ድሬዳዋስ?» የምትሉ አላችሁ። ሙቀቷን እወዳታለሁ። ግን ነሐሴ ለእሷም የዝናብ ወር ነው፣ ጎርፉም የሚመጣው ከላይ ከደጋው ስለሆነ በከተማው ሳይዘንብ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። «ቦረናስ?» ያቤሎ በሐምሌ ደረቅ ናት፣ ግን ትነፍሳለች፣ ትቀዘቅዛለች፤ የአክስቴን ጉልበት አልሰጣትም።

የቀረው አርባ ምንጭ ነው። ከተማው ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል፤ ከጅማ ከአራት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህ ለሙቀቱ በቂ ነው፣ እንደ ጋምቤላ 500 ሜትር ድረስም አያወርድም። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ 28 ዲግሪ፣ 55 በመቶ አየሁ። 45 ለ5 ሲካፈል 9፤ የጤዛ ነጥቡ 19። ልብ በሉ፣ ከጅማ 18 ጋር ጎረቤት ነው። በአየሩ ያለው ውኃ የእኛው ያህል ነው፣ ስለዚህ ላብ ይተናል። ላብ ይተናል። ጋቢም ይደርቃል።

መንገዱ በጭዳ ወደ ዳውሮ ተርጫ፣ ኦሞን ተሻግሮ ወላይታ ሶዶ፣ ከዚያ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ጎጀብ ሸለቆ ስትወርዱ ሸሚዛችሁ ከጣበቀ አትደንግጡ፣ አትመለሱ። አርባ ምንጭ ስትደርሱ ማደሪያችሁን ሴቻ ሰፈር ፈልጉ። ሴቻ ኮረብታው ላይ ናት፣ ነፋስ አላት፤ ሲቀላ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለች። ወደ ጨንቻ ለሽርሽር አትውጡ፤ ተራራው በክረምት ዝናቡን የሚይዘው እሱ ነው፣ ጅማን ትታችሁ ጅማን ትደርሳላችሁ፣ ከነብርዱ። አልፎ አልፎ ካፊያ ይኖራል፤ በረሃ አላልኩም። አጎበር ያዙ፣ ወባ አለ። ዓሣውን በተመለከተ፣ ፍልሰታን የሚጾም ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ።

አክስቴ የሄዱት ቅዳሜ ነው። ዛሬ ጠዋት ደወሉ። ልቤ ዝቅ አለ፣ አምናን አስታወስኩ። «ነጠላዬን ትናንት ጠዋት አጥቤ ነበር» አሉ። «እሺ?» አልኩ። «ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አጥፌ አስቀመጥኩት። ያንን የሚሸት ጋቢህን በሚቀጥለው መኪና ላክልኝ።»

(ምስል፦ በፌስታል የታሰረ ጋቢ፣ የጅማ አውቶቡስ ተራ፣ ዝናብ)