ሦስት ስም ያለው ጉንጉን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አንድ አጭር ታሪክ ልነግራችሁ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ የምናብ ናቸው፤ የጉንጉኑ አሠራር ግን ከአያቴ እጅ የተቀዳ ነው። በየመሃሉ እያቆምኩ የራሴን ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

ታሪኩ የሚሆነው ከደሴ ወጣ ብሎ፣ በኩታበር በኩል ባለ ደጋ ቀበሌ ነው። ሦስት ልጆች ከእናታቸው ጋር ከአዲስ አበባ ለአዲስ ዓመት መጥተዋል። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀጥሎ ወንድሟ አለ። ከዚያ ሰባት ዓመት ያልሞላት ትንሿ። አያታቸውን «እማማ» ነው የሚሏት። እማማ ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው።

የእማማ ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ ዓመት የእንግጫውን ጉንጉን ልጆቹ ይሥሩት። የማታውቁት ካላችሁ፣ እንግጫ በክረምቱ መጨረሻ እርጥብ መስክ ላይ የሚገኝ ቀጭን ሳር ነው። በወሎ ደጋ ልጃገረዶች በዋዜማው ይነቅሉታል፣ ይጎነጉኑታል፣ አደይ አበባ ይሰኩበታል። በእንቁጣጣሽ ጠዋት በቤተሰቡ ራስ ላይ ያደርጉታል። ምሰሶውም፣ በሩም፣ መሶቡም ድርሻው ይደርሰዋል።

ልጆቹ የደረሱት ጳጉሜ 4 ነበር። በማግስቱ ጳጉሜ 5 ማለዳ ትልቋ ዋዜማው ዛሬ ነው ብላ ተነሣች። እማማ ሳቀች። «ዘመነ ሉቃስ እኮ ነው የኔ ዓለም! በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። እንግጫው ዛሬ ከተነቀለ ለነገ ማታ ይደርቃል።» በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ቀን ብዙ ሰው ታሳስታለች። ለእንግጫ ግን የአንድ ቀን ልዩነት ትልቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ 6፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ወረዱ። መስኩ የጎረቤታቸው የእትዬ ነው። እትዬ ሙስሊም ናቸው፤ ከእማማ ጋር በልጅነት አብረው ከብት ጠብቀዋል። «አብሽሩ፣ ግቡ፣ ያ የምንጩ ዳር ያለው ይረዝማል» አሏቸው። እማማም ቁጭ ብላ በእጇ አሳየቻቸው። እንግጫ በማጭድ አይታጨድም፤ ስሙም ነቀላ ነው። ከታች ከሥሩ ጠጋ ብሎ ይያዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጥ ወደ ላይ ይሳባል። በዝግታ ከተሳበ ሰበዙ ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ይወጣል። ልጁ በጉልበት ሞሸለቀው፤ ግማሹ ተቆረጠ፣ ግማሹ ከነአፈሩ መጣ። እማማ የተቆረጠውን በጣቷ ለካችው። ከክንድ ካነሰ ለመሶብ ይሆናል፣ ለምሰሶ ግን አይበቃም።

ቤት ሲደርሱ ትልቋ ወዲያው ልትጀምር ፈለገች። እማማ ከለከለቻት። ጥላ ሥር በስሱ አስዘረጋች፤ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ጣል አደረገች። እስከ ማታ እንዲህ ይቆያል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትኩስ ሰበዝ ውኃ ስለሞላው ሲታጠፍ ይሰበራል። ባይሰበር እንኳን ውኃው ሲወጣ ይቀጥናል፤ ማታ ጥብቅ የነበረው ጉንጉን ጠዋት ይላላል። በጣም የደረቀ ደግሞ ሲታጠፍ ይፈረከሳል። የሚፈለገው መሃሉ ነው፣ ጠውለግ ያለው። እማማ አንዱን አንስታ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ጆሮዋንም አስጠጋች። «ቀጭ ካለ ገና ነው። ዝም ካለ ደርሷል» አለች። ዓይኗ ስለማያይ በጆሮዋ ነው የምትፈትነው። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቶሎ ይነግራል።

አመሻሽ ላይ ምድጃው ዳር ተቀመጡ። እዚህ ላይ ባህሉን የምታውቁ ሰዎች «ወንዱ ልጅ ምን ይሠራል? እንግጫ የልጃገረድ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እማማም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያለችው። በኋላ ግን ተወችው፤ ለምን እንደተወችው ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

ትልቋ ስልኳን አውጥታ ከፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ልትቀርጽ። «እማማ፣ ስንት ሰበዝ ነው በአንድ ዘለላ?» አለቻት። እማማ ዝም አለች። አታውቀውም። በቃል ተጠይቃ አታውቅም። ሰበዙን ወደ እጇ ስትወስድ ግን ጣቶቿ ቆጠሩ፤ አምስት አምስት እያደረጉ ሦስት ዘለላ ለዩ። «እንግዲህ አምስት ነው መሰለኝ» አለች፣ ራሷም እየተገረመች። ልጅቷ ደግማ «ከዚያስ?» ስትላት እጇ ቆመ። ከቆመ በኋላ ካቆመበት መቀጠል አልቻለችም፤ ከጫፉ ፈታ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛ ጠየቀቻት፣ ሁለተኛ ፈታችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእጅ የተያዘ ሙያ ቅደም ተከተሉን ይዞ ነው የሚኖረው። አንዱ እንቅስቃሴ ቀጣዩን ይጠራዋል። መሃል ላይ ገብተህ «አሁን ምን እያደረግሽ ነው?» ስትል ሰንሰለቱን ትበጥሳለህ። ብዙዎቻችን ከእናቶቻችን ወጥ አሠራር ስንጠይቅ «እንዲያው በግምት ነው» የሚሉን ሊደብቁን አይደለም። በቃል የሚነገረውና እጅ የሚያውቀው ሁለት ቦታ ስለተቀመጠ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ ነገር አለ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አንድ ሙሉ ጉንጉን አሠሯት። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እማማ ራሷ መፍትሔ አገኘች። ልጅቷን ከፊቷ አስነሥታ ጎኗ አስቀመጠቻት፣ ትከሻ ለትከሻ። ፊት ለፊት ሲሆን የእማማ ቀኝ ለልጅቷ ግራ ነው። በጎን ሲሆን ግን ሁለቱም እጆች አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ትንሿን ደግሞ ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላዋ ክንዷን አሳልፋ እጇን በእጇ ያዘች። ስልኩ መሬት ላይ ቀረ።

የጉንጉኑ ራስ በአንድ ሰበዝ ታስሮ በእግር አውራ ጣት ይያዛል። እግር ይስባል፣ እጅ ይጎነጉናል። ከዚያ እማማ ሦስቱን ዘለላ ነካ ነካ እያደረገች ስም ጠራች። በልጅነቷ አብረዋት እንግጫ የነቀሉ የሦስት እህቶቿን ስም። ከቀኝ ዳር ያለችው ወደ መሃል ትመጣለች፣ ስሟ ይጠራል። ከግራ ዳር ያለችው ትመጣለች፣ ስሟ ይጠራል። እንደገና ከቀኝ፣ ሦስተኛዋ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ትመለሳለች። አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ እስከተሠራ ድረስ ሦስቱ ተራቸውን ጠብቀው ነው የሚዞሩት። አንዷ ሁለቴ ከተጠራች ስሕተት አለ። ቤት ውስጥ ሦስት የሹሩባ ዘለላ ይዛችሁ ሞክሩት፤ ስሙ ተራውን አይስትም።

«እህቶቼ ሞተዋል፤ እናንተ የራሳችሁን ስም ጥሩ» አለች። ለዚህ ነው ወንዱ ልጅ አብሮ እንዲሠራ የተወችው። ስም ሦስት ያስፈልጋል፤ ልጆቹም ሦስት ናቸው።

ልጁ ሲሠራ ስልክ ጠርቶ ተነሣና ተመለሰ። የቱ ጋ እንደደረሰ ጠፋው። በግምት ቀጠለ። እማማ አውራ ጣቷን ጉንጉኑ ላይ ሳበችና አንድ ቦታ ቆመች። «እዚህ ጋ ጠፍጥፏል። አንዷ ሁለቴ መጥታለች።» አስፈታችው። ከዚያ ምልክቱን አሳየችው። መሃል ያለችውን ተመልከት፤ አሁን በየትኛዋ ላይ ተሻግራ ነው የመጣችው? እሷን ተዋት፤ የቀጣዩ ተራ የሌላኛዋ ዳር ነው። ልጁ በራሱ ለይቶ የራሱን ስም ጮክ ብሎ ጠራ።

ሌላው የሚያበላሸው ነገር መቀጠያው ነው። ሰበዝ ያልቃል። አልቆ ከተቀጠለ ይመዘዛል። ስንዝር ያህል ሲቀረው ነው አዲሱ ከጎኑ የሚገባው፤ ሁለቱ አብረው ትንሽ ይሄዳሉ፣ አሮጌው ከሥር ይቀራል። ትልቋ ይህን በደንብ ያዘች፤ ግን ሦስቱንም ዘለላ አንድ ቦታ ላይ ቀጠለቻቸው። ለዓይን ያምር ነበር። እማማ ሁለት ጫፉን ይዛ ሳብ ስታደርገው ከዚያው ከመቀጠያው ለሁለት ወጣ። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። «አብሽሪ፣ የኔ ዓለም። አሁን አንዷን ቀጥይ፣ ሁለት ሦስት ዙር ሂጂ፣ ከዚያ ሌላዋን። ሁሉም አንድ ጊዜ አይድከሙ።»

ራስ ላይ የሚደረገው ጉንጉን በራስ ዙሪያ ተለክቶ ሁለት ጣት ያህል ሰፋ ይደረጋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራልና። ጫፉ መነሻው ላይ ተደርቦ፣ በመጀመሪያዎቹ መተላለፊያዎች ሥር ሾልኮ ይታሰራል። አደይ አበባው ማታ አይሰካም። አደይ ከተቀጠፈ ቶሎ ይጠወልጋል። እንስራ ውስጥ ግንዱን ውኃ ነክቶ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ እያንዳንዱ አበባ መተላለፊያው ሥር ይገባል፣ በየአራት ጣቱ። ትንሿ የምትሠራው ይህን ነበር፤ ጣቷ ቀጭን ስለሆነ ጉንጉኑን ሳያላላ ይገባል።

ጠዋት መጀመሪያ የእማማን ራስ አስጌጡ። ቀጥሎ ምሰሶውን። ለእትዬ ደግሞ አንድ እቅፍ አደይ ይዘው ሄዱ፤ እትዬም የተቆላ ስንዴ በጉያቸው ሞልተው መለሷቸው። የምሰሶው ጉንጉን እስከ መስቀል ይቆያል፤ ደርቆ ደመራው ላይ ይጨመራል። ልጆቹ ያን አላዩም። ትምህርት ሊጀመር ነበርና ቶሎ ተመለሱ።

በቀጣዩ ዓመት መምጣት አልቻሉም። አዲስ አበባ ውስጥ እንግጫ አላገኙም። ትልቋ ገበያ ወጥታ ቄጤማ ገዛች። ቄጤማ ወፍራም ነው፤ አገዳው ሦስት ማዕዘን አለው፤ አምስት አምስቱ አልታጠፍ አላት። ለእማማ ደወለች። እማማ ቄጤማ ጎንጉና አታውቅም። ግን ጠየቀቻት፦ «ጣትሽ ላይ ሲጠመጠም ድምፅ አለው?» «አለው።» «እንግዲያው አልጠወለገም። ለርዝመቱ ሰንጥቂው፣ ጥላ ላይ አሳድሪው።»

በማግስቱ ማታ ሦስቱም ስልኩን መሬት ላይ አድርገው ተቀመጡ። መሃል ላይ ተራው ጠፋቸው። እማማ ከኩታበር «መጨረሻ ማን መጣች?» አለች። ትንሿ የራሷን ስም ተናገረች። «በማን ላይ ተሻግረሽ?» «በወንድሜ ላይ።» «በይ እሱን ተይው፤ እህትሽን ጥሪያት።»